ጎን ለጎን ያሉት 130 እና 50 ዲግሪ ማዕዘኖች ስማቸው የትኛው ነው?

የተማሪ እናት

ሁለት መስመሮች በሚቋረጡበት ሥዕል ላይ ልጄ ሀ እና ለ የተባሉትን ማዕዘኖች «አድጃሰንት» ብላ ብትጽፍ፣ መልሱ «ሰፕሊመንተሪ» ነው ተብሎ ኤክስ ተደረገባት። ለእኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ከኮምፕሊመንተሪና ከቨርቲካል ጋር አራቱን እንዴት ላስለያት?

```
  \  ሀ=130  /
    \     /
      \ /
 መ     X     ለ=50
      / \
    /     \
  /    ሐ    \
```

የኮሌጅ ተማሪ

እህቴ፣ ሁለቱ ተደምረው ቀጥ ያለ መስመር፣ ማለትም 180 ዲግሪ ከሠሩ ሰፕሊመንተሪ ናቸው፤ እንደ ደብተር ጥግ 90 ከሞሉ ደግሞ ኮምፕሊመንተሪ ይባላሉ። ስለዚህ ሰፕሊመንተሪ የሆኑ ማዕዘኖች ምንጊዜም ጎን ለጎን ናቸው።

የሒሳብ መምህር

ድምሩ ልክ ነው፤ «ምንጊዜም ጎን ለጎን» የሚለው ግን ልጆችን ያሳስታል። በአንድ ገጽ ላይ 130፣ በሌላ ገጽ ላይ 50 ዲግሪ ብትሥልም ሁለቱ ሰፕሊመንተሪ ናቸው፤ አድጃሰንት ግን አይደሉም። እናት ሆይ፣ ልጅዎ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ለየብቻ ትጠይቅ፦ መጀመሪያ «የት ናቸው?»፣ ቀጥሎ «ስንት ይሞላሉ?»። አድጃሰንትና ቨርቲካል የቦታ ስሞች ሲሆኑ፣ የቀሩት ሁለቱ የድምር ስሞች ናቸው። ሀ እና ለ አንድ መስመር በመካከላቸው ስለሚጋሩ አድጃሰንት ናቸው፤ 130 እና 50 ተደምሮ 180 ስለሚሆን ደግሞ ሰፕሊመንተሪም ናቸው። ለ እና መ ግን የሚነካኩት በመገናኛው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ቨርቲካል ናቸው፤ መ ከሀ ጋር 180 መሙላት ስላለበት እንደ ለ 50 ይሆናል።

አንድ ወጥመድ አለ። 70 ዲግሪ ማዕዘን ሥላችሁ፣ ከአንዱ ጎኑ ተነሥታችሁ በውስጡ 30 ብትለኩ፣ 70ው እና 30ው ነጥብና ጎን ቢጋሩም አንዱ በሌላው ላይ ስለተደረበ አድጃሰንት አይደሉም። አድጃሰንት የሚሆኑት 30ው እና የቀረው 40 ናቸው። ልጅዎ ሁለቱን ማዕዘኖች በተለያየ ቀለም ትቀባቸው፤ ቀለሞቹ ከተደራረቡ አድጃሰንት አይደሉም።

አናጺ

እኔ ቨርቲካል ማለት ወደ ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር። እግሮቹ የሚቋረጡ ታጣፊ ወንበር ስሠራ ግን የግራውና የቀኙ ክፍተት የቱንም ያህል ብዘረጋው እኩል ነው። ታዲያ ቨርቲካል የሆኑት ሰፕሊመንተሪ ሊሆኑ ይችላሉ?

የሒሳብ መምህር

አዎ፣ እግሮቹ በ90 ዲግሪ ሲቋረጡ ብቻ፤ ያኔ 90 እና 90 ተደምሮ 180 ይሆናል። ስሙም ከመቆም ሳይሆን መስመሮቹ ከሚገናኙበት ነጥብ የመጣ ነው።

የተማሪ እናት

ጥያቄው «ሀ እና ለ ምን ይባላሉ?» ብቻ ነው የሚለው።

የሒሳብ መምህር

እንዲህ ከሆነ በእኔ እምነት ሁለቱም መልሶች ልክ ተብለው ሊታረሙላት ይገባል።

የኮሌጅ ተማሪ

እኔ አልስማማም፤ 130 እና 50 ተጽፈው ከተሰጡ ጥያቄው የፈለገው ድምሩን ነው።