ቮሊዩሙ ትልቅ ከሆነ ኦርደር ቡክ ማየት ለምን? (ክርክር)

ሳሚ፦ ብዙም የማይነገድ አንድ አልትኮይን ልገባ ነው፣ ቮሊዩሙ ግን በ24 ሰዓት 2 ሚሊዮን ዶላር ይላል። ይህን ያህል ካለ ኦርደር ቡኩን፣ ገዢና ሻጭ በየዋጋው ያስቀመጡትን የትዕዛዝ ዝርዝር፣ ማየት የግድ ነው ወይስ ጊዜ ማባከን?

ብሩክ፦ ጊዜ ማባከን ነው። ሊሚት ኦርደር አድርግና ጠብቅ፣ በፈለግከው ዋጋ ካልመጣ ይቅር። ቡኩ ላይ የምታየው ትልልቅ ኦርደር ግማሹ የውሸት ነው፣ ዋጋው ሲጠጋው ተነስቶ ይጠፋል።

ሄለን፦ ለመግቢያው ልክ ነህ ብሩክ፣ መውጫውስ? እስቲ እንዲህ ያለ ቡክ አስቡ፣ ሻጭ በኩል 2,000 ኮይን በ0.102፣ 3,000 በ0.105፣ 4,000 በ0.110 አለ፣ ገዢ በኩል ደግሞ 2,000 በ0.098፣ 3,000 በ0.094፣ 4,000 በ0.088። ስፕሬዱ፣ በቅርቡ ገዢና በቅርቡ ሻጭ ዋጋ መሀል ያለው ልዩነት፣ ብቻውን 4 ከመቶ ነው። 9,000 ኮይን በማርኬት ኦርደር፣ ማለትም ቡኩ ላይ ባለው ዋጋ ወዲያው፣ ብትገዛ 959 ዶላር ይወጣል፣ እዛው ወዲያው ብትሸጠው 830 ነው የምታገኘው፣ ቻርቱ ላይ ምንም ሳይፈጠር 13 ከመቶ ሄደ ማለት ነው ኮሚሽኑን ሳንቆጥር። ስለዚህ እኔ ከመግዛቴ በፊት የማየው የገዢውን ጎን ነው፣ የምይዘውን ሁሉ ብሸጥ እስከ ስንት ያወርደዋል ብዬ።

ዮናስ፦ እኔን የበላኝ ይሄው ነው። 10 ከመቶ ሲወርድ ይሸጥልኝ ብዬ ስቶፕ ሎስ አስቀምጬ ተኛሁ፣ ሌሊት አንድ ሰው ብዙ ሸጠ መሰለኝ ስቶፑ ተነካና ማርኬት ኦርደር ሆኖ ወጣ፣ ገዢ ስላልነበረ 27 ከመቶ ታች ነው የተሸጠልኝ። ጠዋት ስነሳ ዋጋው ቦታው ተመልሷል!

ማህሌት፦ እኔ ዋሌቴን አገናኝቼ ስዋፕ ነው የማደርገው፣ ኦርደር ቡክ የሚባል ነገር አይታየኝም፣ እኔ ጋ ችግሩ የለም ማለት ነው?

ሄለን፦ አለ ማህሌትዬ፣ እዛ የሚወስነው ፑሉ፣ ስዋፑ የሚካሄድበት የጋራ ቋት፣ ውስጥ ያለው ገንዘብ ነው። የምትገዢውን ያህል ጽፈሽ ፕራይስ ኢምፓክቱን፣ ግዢሽ ዋጋውን ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅሰው፣ እዪ፣ ከዛ ገልብጠሽ ስትሸጪው ስንት እንደሚሰጥሽ እዪ፣ ሳታጸድቂው።

ብሩክ፦ እሺ ግን የውሸት ኦርደሩን አልመለስሽልኝም። ግማሹ የሚነሳ ከሆነ ቆጠራሽ ምን ዋጋ አለው?

ሄለን፦ አንዴ አይቶ መወሰን አይቻልም፣ እሱ እውነት ነው። በተለያየ ሰዓት እየተመለስኩ አያለሁ፣ ዋጋው ሲደርስበት ተበልቶ ያለቀውን ኦርደር አምናለሁ፣ ሳይነካ የሚጠፋውን ከሂሳብ አወጣለሁ። ሳሚ፣ የተፈጸሙትን ንግዶችም ተመልከት፣ በገዢና በሻጭ ዋጋ መሀል፣ ቡኩ ላይ ማንም ባልጠራው ዋጋ፣ ተመሳሳይ መጠን እየደጋገመ የሚያልፍ ከሆነ ያ 2 ሚሊዮን አንዱ ሰው ለራሱ እየሸጠ የሚያሳየው ሊሆን ይችላል።

ብሩክ፦ የተደበቀ ኦርደር የሚፈቅድ ኤክስቼንጅ አለ እኮ፣ መሀል ላይ ያለፈ ሁሉ የውሸት አይደለም። እኔ አሁንም መጠንህን ቀንስ ነው የምለው።

ሳሚ፦ አሁን ከፍቼ አየሁት፣ ከዋጋው እስከ 2 ከመቶ ታች ያለው ገዢ ተደምሮ 400 ዶላር አይሞላም። ማታ ደግሜ አየዋለሁ።