ትናንት አብሬያት የሠራሁትን ዛሬ እንዴት ልመዝን?

አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ሆኜ ያደግኩት መጋቢት ላይ ነው። ሰኔ መጨረሻ የሚዘጋው የአፈጻጸም ምዘና ግን ከጥር ጀምሮ ያለውን ይሸፍናል።

ከምመዝናቸው አንዷ ከጎኔ መስኮት ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ናት። የከፈተችው ሒሳብና ያሰባሰበችው ተቀማጭ ከሲስተም ስለሚወጣ እሱ አያጨቃጭቅም። ጣጣው የባህርይ ክፍሉ ነው፤ ከ5 ነጥብ የምሰጠው እኔ ነኝ። ጥርና የካቲት ጠዋት ጠዋት ስታረፍድ ደንበኞቿን የማስተናግድላት እኔው ነበርኩ። ካደግኩ ወዲህ ግን በሰዓቷ ትገባለች። የቀድሞው አለቃችን ምንም ማስታወሻ አልተወም። ስደውልለት «ለሁሉም 4 ስጥና ተገላገል» አለኝ። እንደዚያ ባደርግ ደግሞ በሰዓቱ ሲገባ የከረመው ምን ይለኛል?

ባልደረባዋ ሆኜ ያየሁትን፣ ማንም ያልመዘገበውን ማርፈድ ነጥቧ ውስጥ ላስገባው ወይስ ከመጋቢት ወዲህ በመዘገብኩት ብቻ ልመዝናት?