ሰው ሲጥለው ክብሪት ማሽተት፦ ለአጭር ቪዲዮ ስክሪፕት እርዱኝ

ነርሷ ከወረዳ

ሰላም ቤተሰብ፣ ጤና ጣቢያ የምሰራ ነርስ ነኝ። ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ስር መያዝ እንደማይጠቅም የሚያስረዳ የአንድ ደቂቃ ምናምን ቪዲዮ ልሰራ ነው። የጻፍኩት ስክሪፕት ግን "ይሄ ኋላ ቀር ነገር ነው፣ ተው" እያለ የሚቆጣ ሆነብኝ። እናቴ ሰምታው "እኔንም ሰደብሽኝ እኮ" አለችኝ። ሰው ሳይከፋው እንዴት ልበለው? ከምን ልጀምር?

ሲስተር ዘ ደሴ

እናትሽ የነገረችሽን ያዢው፣ ከሷ የተሻለ ገምጋሚ አታገኚም።

እኔ የሚጥል በሽታ ክትትል ክፍል ነው የምሰራው። አስታማሚዎች ሲመጡ "ክብሪት አሸተትነው፣ ተወው" ይሉኛል፣ ብዙ ጊዜ ነው የምሰማው። አይዋሹም፣ በአይናቸው ያዩትን ነው የሚናገሩት። አንቺ "አይሰራም" ብለሽ ስትጀምሪ ያየውን ሰው ውሸታም አደረግሽው ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ የምትይውን አይሰማሽም። ስለዚህ ያየውን ነገር ተቀበዪውና ለምን እንደዛ እንደሆነ ንገሪው፣ ምስጢሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው።

አንድ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ወደቀ እንበል። መጀመሪያ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ጥርሱ ይገጥማል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ከዛ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሰው ይጮሃል፣ "ክብሪት! ክብሪት አምጡ!" ይባላል፣ አንዱ ኪሱን ይዳብሳል የለውም፣ ሌላው ወደ ሱቅ ይሮጣል፣ ባለሱቁ ይወረውርለታል፣ የመጀመሪያው እንጨት ይሰበራል፣ ሁለተኛው ይለኮሳል። እስከዛ አንድ ደቂቃ ተኩል ሁለት ደቂቃ ሄዷል። አብዛኛው ደግሞ ማንም ምንም ሳያደርግለት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይለቃል። ክብሪቱ የደረሰው ሊለቀው ሲል ነው፣ ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ወሰደ።

ይሄን በወሬ አታስረጂው፣ አሳዪው። ስልክ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ክፈቺና ስክሪኑ ጥግ ላይ ይሩጥ፣ አንድ የስራ ባልደረባሽ የወደቀ ሰው ሆኖ ይተኛ፣ ሌላው እውነት ክብሪት ፍለጋ ይሂድ። ሰው ሰዓቱን ራሱ አይቶ ራሱ ይደርስበታል። በራሱ የደረሰበትን ነገር ደግሞ ማንም አላስገደደውም፣ አይከፋውም።

ጉዳቱን አንድ ጊዜ ብቻ ጥቀሺው። ትንፋሹ ሲመለስ በኃይል ነው የሚስበው፣ ያኔ አፍንጫው ስር ያለው የክብሪት ጭስ ነው፣ ድኝ ያለበት ጭስ ጉሮሮ እንዴት እንደሚያቃጥል ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። የሚንቀጠቀጥ ፊት አጠገብ እሳት መያዝ ደግሞ በራሱ አደጋ ነው። አፍንጫቸው ስርና ከንፈራቸው ላይ የክብሪት ጠባሳ ያለባቸው ታካሚዎች አሉኝ።

ሹፌር ነኝ ከአዳማ

መኪና ውስጥ ሁለቴ አጋጥሞኛል። ክብሪት እኔም አላምንበትም፣ መኪና ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። እኔ የማደርገው መኪና አቁሜ በጎኑ ማዞር ነው፣ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት፣ ከዛ ምላሱን እንዳይውጥ ማንኪያ ወይ የቁልፍ መያዣ ጥርሱ መሃል ማስገባት። በቪዲዮው ይሄንንም ጨምሪበት እህቴ፣ ብዙ ሰው አያውቅም።

ሲስተር ዘ ደሴ

ወንድሜ፣ መኪና ማቆምህ፣ በጎኑ ማዞርህ፣ አንገቱን ማላላትህ በጣም ትክክል ነው፣ ስንቱ ጥሎ ይሸሻል። ማንኪያውን ግን ተወው። ምላስ አይዋጥም፣ ከስር የተያያዘ ነው። ሊነከስ ይችላል፣ ይደማል፣ ግን ይድናል። በማንኪያ የተሰበረ ጥርስ ግን አይበቅልም፣ ስብርባሪው ወደ አየር ቧንቧ ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሰው ጣትም ተነክሶ አይቻለሁ። በጎኑ ካዞርከው ምራቁ በራሱ ይወጣል፣ ምላሱም ወደ ኋላ አይሄድም፣ ማንኪያው ይሰራል ብለህ ያሰብከውን ጎኑ ይሰራልሃል።

ሹፌር ነኝ ከአዳማ

እሺ ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። ግን እኮ አረፋው ሲነካ ይተላለፋል ስለሚሉ ነው ሰው የሚሸሸው፣ እሱንም ተናገሩ።

ሲስተር ዘ ደሴ

አይተላለፍም፣ በምራቅም በትንፋሽም በምንም። እውነት ነው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ እሳት ዳር ወድቆ ሰው መንካት ፈርቶ የተቃጠለ ሰው አስታምሜያለሁ። ግን አንድ ቪዲዮ ውስጥ ሁለት ነገር ከተከራከርሽ አንዱም አይያዝም ሲስተር፣ እሱ የሚቀጥለው ቪዲዮሽ ይሁን። በዚህኛው ላይ ባልደረባሽ የወደቀውን ሰው ምራቅ በሶፍት ስትጠርግለት ብቻ ይታይ፣ ያለ ንግግር ይበቃል።

ካሜራ በእጄ

ስለ ህክምናው አላውቅም፣ ስለ ቪዲዮው ግን ልናገር። አንደኛ ብዙ ሰው ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ጽሁፍ ከስር ይኑር፣ ትልልቅ ፊደል፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ። ሁለተኛ መጀመሪያ ላይ "ጤና ይስጥልኝ፣ ስሜ እከሌ ይባላል፣ ዛሬ የምናየው" እያልሽ አትግቢ፣ በሶስተኛው ሰከንድ ሰው ያልፍሻል። በቀጥታ ሰውየው ወድቆ ሰዓቱ እየሮጠ ይጀምር። ሶስተኛ ፖስተሩ ላይ የሚነድ ክብሪት አድርጊ፣ እሱ ነው ሰው የሚያስቆመው።

ሲስተር ዘ ደሴ

በሶስተኛው አልስማማም። ድምፅ ዘግቶ የሚያልፍ ሰው የሚያየው የወደቀ ሰውና ክብሪት ብቻ ነው፣ ጭራሽ ያንኑ ትምህርት ይዞ ይሄዳል። ፖስተሩ ላይ በጎኑ የተኛው ሰው ይሁን።

ካሜራ በእጄ

ይገባኛል ግን በጎኑ የተኛ ሰው ፎቶ ማን ይከፍተዋል? ያልተከፈተ ቪዲዮ ማንንም አያስተምርም። ክብሪቱ ላይ ቀይ ኤክስ ቢደረግስ?

የሀረር ልጅ

እኔ እህቴ ይጥላታል፣ ኪኒን ትወስድ ነበር፣ ፌኖባርቢታል፣ ከ6 ወር በላይ ሳይጥላት ቆየና ድናለች ብለን አቆምንላት፣ ባለፈው ሳምንት በአንድ ቀን ሁለቴ ጣላት፣ ጎረቤት ክብሪት ይዞ መጣ እኔም ተቀብዬ አሸተትኳት፣ ከንፈሯ ላይ አሁን ቁስል አለ እያየሁት ያመኛል። የትኛውን መድኃኒት ልግዛላት? ጠበልም ጀምራለች።

ሲስተር ዘ ደሴ

አይዞህ ወንድሜ፣ ለማዳን ብለህ ነው ያደረግከው፣ ማንም አይወቅስህም። ጥያቄው ስለ ቪዲዮ ቢሆንም ያንተ ይቀድማል። ከፋርማሲ በራስህ ምንም አትግዛላት፣ ነገ ዛሬ ሳትል ክትትል ወዳለችበት ቦታ ውሰዳት፣ መጠኑን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ይሄ መድኃኒት በድንገት ሲቆም በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል፣ ምናልባት ያየኸው እሱን ነው። ሳይጥላት የቆየው መድኃኒቱ ስለያዘላት ሊሆን ይችላል። ጠበሉን ትጠመቅ፣ ኪኒኑንም ትዋጥ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም፣ ብቻ ውሃ ውስጥ ብቻዋን አትግባ፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይኑር። እስክትወስዳት ድረስ እንደገና ከጣላትና 5 ደቂቃ ካለፈ ግን ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ነርሷ ከወረዳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር ባልሽኝ መሰረት እንደገና ጻፍኩት፣ እዩልኝ።

"እየሮጠ ያለውን ሰዓት እዩልኝ። አጠገባችን ሰው ሲጥለው ብዙዎቻችን ክብሪት እንፈልጋለን። ደንግጠን፣ ለማዳን ብለን ነው። ሲለቀውም አይተናል። ያስለቀቀው ግን ክብሪቱ አይደለም። ክብሪት ፈልገን፣ ጭረን፣ አፍንጫው ጋ እስክናደርስ ይኸው አንድ ደቂቃ ተኩል አለፈ። በሽታው ደግሞ ብዙ ጊዜ በ3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይለቃል። ጭሱና እሳቱ ግን ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ይጎዱታል። ስለዚህ ክብሪት ፍለጋ የሄዱት ይመለሱልን፣ እዚህ ስራ አለ። ጭንቅላቱ ስር ነጠላ ወይ ጃኬት ያድርጉለት። ድንጋይ፣ እሳት፣ ስለት ካለ ያርቁለት። እንዳመቸዎት በጎኑ ያዙሩት። አይጫኑት፣ አፉ ውስጥም ምንም አያስገቡ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ቶሎ ወደ ጤና ተቋም። ሲነቃ ግራ ይገባዋል፣ ስሙን ጠርተው አይዞህ ይበሉት።"

ለእናቴ አነበብኩላት፣ "ክብሪት ፍለጋ የሄዱት ይመለሱልን" የሚለው ላይ ሳቅ ብላ "እሺ፣ እመለሳለሁ" አለችኝ። ጮክ ብዬ ሳነበው ግን 1 ደቂቃ ከ20 መጣብኝ፣ ምኑን ልቁረጥ?

ካሜራ በእጄ

ነጠላ፣ ድንጋይ፣ ጎን የሚሉት በምስል ስለሚታዩ ንግግሩን አሳጥሪው፣ እጅ እየሰራ ሲታይ "ይሄን ያድርጉለት" ማለት ይበቃል። "ደንግጠን፣ ለማዳን ብለን ነው" የሚለውን ግን አደራ እንዳትነኪው።

ሲስተር ዘ ደሴ

ቆንጆ ነው። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ ከ"ክብሪት እንፈልጋለን" በፊት ባልደረባሽ ጭንቅላቱ ስር ነጠላ ስታስገባ ለሁለት ሶስት ሰከንድ ይታይ፣ አቋርጦ የሚሄድ ሰው ትክክለኛውን አይቶ ይሂድ። ሁለተኛ "በደንብ ሳይነቃ ውሃ አይስጡት" የሚል መጨረሻ ላይ አስገቢ፣ እኛ ጋ ሰው ሲነቃ ቶሎ ውሃ ነው የሚጋተው፣ ትን ብሎት የመጣ አለ። ሰዓቱን ለመቀነስ "ስሙን ጠርተው" ያልሽውን በጽሁፍ ብቻ አድርጊው። ደግሞ አደራ፣ የእውነት ታካሚ ሲጥለው የተቀረጸ ነገር እንዳትጠቀሚ፣ ቤተሰብ ፈቅዶ ቢሰጥሽም። ነገ ሰፈር ውስጥ በሱ ነው የሚጠራው።

ሹፌር ነኝ ከአዳማ

የአምቡላንስ ቁጥርስ? 907 የቀይ መስቀል ነው፣ ይጻፍ።

ነርሷ ከወረዳ

እሱ ነው የቸገረኝ። ቪዲዮው የት እንደሚደርስ አይታወቅም፣ 907 ቢጻፍ የከተማ ሰው ይጠቀምበታል፣ እኛ ወረዳ ግን ሰው የሚደውለው ለጤና ጣቢያችን አምቡላንስ ሹፌር ነው። ሁለቱንም ብጽፍ ሰው ግራ ይጋባል መሰለኝ። ሐሙስ ነው የምንቀርጸው፣ እስከዛ እናንተ አካባቢ ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ለማን እንደሚደውል ጻፉልኝ። ነጠላው የእናቴ ነው፣ ራሷ ካላሰራሁ ብላለች፣ ጭንቅላቱ ስር የምታስገባው እሷ ትሆናለች።