በቅናሽ ያገኘሁትን ምጣድ ስገመግም ምን ብዬ ልግለጽ?

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። 240 ዶላር የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሻጩ ቪዲዮ እንድሠራለት በ90 ዶላር ሰጠኝ። 12 እንጀራ ጋገርኩበት። መሀሉ ዓይኑን ጥሩ አድርጎ ያወጣል፤ ጠርዙ ግን ሁለት ጣት ያህል ሙቀት ስለማይደርሰው ሳይበስል ይቀራል፣ ሲነሳም ይቀደዳል። በጎመን ዘር ደጋግሜ ሳስሰው መያዙ ቀነሰ፣ የጠርዙ ሙቀት ግን ያው ነው። ይህን ሳልቀንስ እናገራለሁ፤ ሻጩም መልካሙን ብቻ ተናገር አላለኝም፣ ቢለኝ ኖሮ ቅናሹን አልቀበልም ነበር።

የቸገረኝ ቅናሹን ለተመልካች የማሳውቅበት የመግለጫው ቃል ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ) መመሪያ መግለጫው ግምገማው በሚቀርብበት ቋንቋ፣ ቪዲዮው ውስጥ በድምፅም በጽሑፍም እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ ከቪዲዮው ሥር በእንግሊዝኛ ብቻ መጻፉን ተውኩት፤ ያንን ከፍቶ የሚያነብ ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ «ከሻጩ ጋር በመተባበር» አልኩ፤ ያዳመጡት ሰዎች ሽርክና መሰላቸው። «ሻጩን አመሰግናለሁ» ደግሞ ምን እንደተቀበልኩ አይናገርም። «በቅናሽ ገዛሁት» ስል የበዓል ቅናሽ፣ ማንም የሚያገኘው ዋጋ ይመስላል። አሁን የያዝኩት ይህ ነው፦ «ሻጩ ቪዲዮ እንድሠራለት ብሎ የ240 ዶላሩን ምጣድ በ90 ሰጥቶኛል።» ግልጽ ነው፤ ግን ዋጋው ነገ ሲቀየር ቪዲዮው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ።

ቁጥሩን ሳልጠራ፣ ቅናሹ የተሰጠኝ ለቪዲዮው ሲባል መሆኑን በአንድ ትንፋሽ የሚያስረዳ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው?