ከባድ ፊልም ለየትኛው ማታ፣ ያየነው ተከታታይ ለየትኛው?

ማሂ፦ ሰላም ናችሁ፣ አንዴ ላስቸግራችሁ። ላያቸው ያሰብኳቸው ከባድ ከባድ ፊልሞች ሊስት አለኝ፣ ግን ማታ ስቀመጥ ወይ ስመርጥ ስመርጥ ደክሞኝ ስንቴ ያየሁትን ኮሜዲ እከፍታለሁ፣ ወይ ፊልሙን ጀምሬ እንቅልፍ ይወስደኛል። ማታው የየትኛው እንደሆነ ከመክፈቴ በፊት በምን ልወቅ?

ኬቢ፦ ቀላል ነው፣ ከማታ 2 ሰዓት በኋላ አዲስ ፊልም አትጀምሪ። ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱን 1.25 አርጊው፣ እኔ ሁሉንም እንደዛ ነው የምጨርሰው።

ሶፊ፦ ማሂዬ ኮሜዲ ከፈለግሽ ፍሬንድስን እይ፣ 10 ሲዝን 236 ክፍል ነው፣ አያልቅብሽም። እኔ ልጆቹ ሲተኙ አንድ ክፍል ብዬ እከፍታለሁ ሶስተኛው ላይ ነው የምነቃው 😂

ማሂ፦ ሶፊዬ ኮሜዲ እንኳን አላጣሁም፣ ፊልሙ ነው ያቃተኝ።

ፊልመኛው፦ ኬቢ ስለ ሰዓቱ ያለው ግማሹ ልክ ነው፣ ግን እረፍት የዋለ ሰው 3 ሰዓት ላይም ንቁ ነው፣ ሲሮጥ የዋለ ደግሞ 12 ሰዓት ላይም አይችልም። ያየሽው ተከታታይ ምንም ያዢልኝ አይልሽም፣ ማን የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ውሃ ልትቀጂ ብትነሺ የሚያመልጥሽ የለም። አዲስ ፊልም ግን ገና ከመጀመሩ ስም፣ ፊትና ቦታ ባንዴ ያሸክምሻል፣ በማታውቂው ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ሰብታይትሉንም ምስሉንም እኩል መከተል አለብሽ። ስለዚህ ከመክፈትሽ በፊት ስልክሽን ሌላ ክፍል አርገሽ ረዘም ያለ ጽሁፍ አንድ ሁለት ገጽ አንብቢ፤ አንዱን መስመር እየተመለስሽ ካነበብሽው ማታው የተከታታዩ ነው፣ ከራስሽ ጋር አትከራከሪ። ፊልሙን ጀምረሽም ቢሆን ያለፈውን ለመረዳት ወደኋላ መመለስ ካበዛሽ ያው ነው፣ ዝጊው።

ምርጫውን ግን በፍጹም ማታ አታርጊው። ቀን ላይ፣ ሳይደክምሽ፣ ለሳምንቱ ሁለት ፊልም ብቻ ለይተሽ አስቀምጪ፣ አንድ አጭር አንድ ረጅም፣ የቀረውን ሊስት አትክፈቺው። ረጅሙን ደግሞ በአንድ ማታ ጨርሺው ያለሽ የለም። የኩሮሳዋ ሰቨን ሳሙራይ (1954) 3 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው፣ ግን መሀሉ ላይ ፊልሙ ራሱ እረፍት አለው፤ ከእረፍቱ በፊት ሳሙራዮቹን መሰብሰብና መንደሩን ማዘጋጀት ነው፣ ዋናው ውጊያ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። አርብ እስከ እረፍቱ፣ ቅዳሜ የቀረውን አይተሽ ትጨርሻለሽ። ሳምንት ካሳለፍሽ ግን ፊቶቹ ይምታቱብሻል።

1.25 የተባለው ወሬ ለበዛበት ተከታታይ ያስኬድ ይሆናል። የታርኮቭስኪ ስቶከር (1979) ላይ ብታደርጊው ግን ያ ረጅም ዝምታ ነው ፊልሙ፣ እሱን ቆርጠሽ ምን ልታዪ ነው? እሱም በሁለት ክፍል የተሰራ ነው ደግሞ፣ መክፈል ከፈለግሽ ቦታው አለ።

ኬቢ፦ ወንድሜ እሺ፣ ግን እኔ ስቶከርን በኖርማል ፍጥነት ሞክሬው መሀል ላይ ነው የተኛሁት።

ፊልመኛው፦ በደከመህ ማታ ሆኖ ይሆናል፣ እሱ እኮ ነው ጥያቄው 😄

ቤዛ፦ ስለ ተከታታዩም ይነገር እንጂ። ያየሽው ሁሉ አያሳርፍም፣ እያንዳንዱ ክፍል ጉዳዩን እዛው የሚጨርሰውን ነው መያዝ። መጨረሻው ላይ አንጠልጥሎ የሚተውሽ ከሆነ ብታውቂውም "ቀጣዩን" ብለሽ ትከፍቻለሽ፣ ከዛ የነገው ማታሽም ደከመ ማለት ነው። አውቶፕሌዩን ሴቲንግ ገብተሽ አጥፊው፣ እኔ እሱን ካጠፋሁ ወዲህ ነው በጊዜ መተኛት የጀመርኩት።

ሶፊ፦ አውቶፕሌይ ይጠፋል እንዴ?? የት ጋ ነው

ቤዛ፦ አፑ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ፕሮፋይልሽ ውስጥ የማጫወቻው ሴቲንግ ጋ ነው።

ናቲ፦ እኔ ግን ይሄ ክፍፍል ራሱ አይገባኝም። ደክሞኝ ስገባ የኮሜዲው ሳቅና ጫጫታ ነው የባሰ የሚያደክመኝ፣ ወሬ የሌለው ቀርፋፋ ፊልም ያሳርፈኛል። ብተኛስ ምን አለበት፣ የኢራኑ ዳይሬክተር ኪያሮስታሚ እንኳን ሰውን ሲኒማ ውስጥ የሚያስተኙ ፊልሞችን እንደሚመርጥ ተናግሯል።

ፊልመኛው፦ ተናግሯል፣ ግን እነዛው ፊልሞች በኋላ ሌሊት እንቅልፍ ነስተው ያሳስቡኛልም ብሏል። አንተ ተኝተህ ከነቃህ በኋላ ፊልሙ ይመላለስብሃል?

ናቲ፦ አንዳንዴ 😅

ማሂ፦ እሺ፣ የማንበቡን ነገር ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ፣ አውቶፕሌዩንም አጠፋሁት። አንድ ነገር ብቻ፣ ግማሽ ላይ ተኝቼባቸው የቀሩ ፊልሞች አሉኝ፣ ከመጀመሪያ ልጀምራቸው ወይስ ካቆምኩበት?

ፊልመኛው፦ ከመጀመሪያ።

ቤዛ፦ ኧረ ካቆመችበት፣ ከመጀመሪያ ካለች መቼም አትጨርሳቸውም።