አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይላክ ወይስ እዚሁ ይቀበር?

የእድሩ ጸሐፊ፦ አንድ አባላችን ሐሙስ ማታ ሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ አርፏል፣ ነፍስ ይማር። ሠላሳ ዓመት ገደማ እዚህ ኖሯል። ልጆቹ እዚሁ ይቀበር ይላሉ። እናቱ ደሴ ሆነው ልጄን አምጡልኝ እያሉ ነው። እድሩ የሚሰጠው ብር ለመላክ አይበቃም። እናዋጣ ወይስ ይቅር?

የሸዋ ልጅ፦ ይሄ ምን ክርክር አለው? እናት በሕይወት እያለች! ሟቹ የስንቱን ሰው ቀብር አዋጥቷል እኮ። ደግሞ ኤምባሲው የሚሸፍነው አለ፣ ካርጎውም ለሬሳ በነፃ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ፊውነራል ቤት የሠራሁ፦ ወንድሜ፣ ኤምባሲው ወረቀቱን አይቶ ያረጋግጣል እንጂ ቀብር አይከፍልም። ካርጎውም ይከፈልበታል። ከሁሉ በፊት ግን እድሩ አይወስንም። በሜሪላንድ ሕግ ሟቹ ራሱ በጽሑፍ ካልተናዘዘ መጀመሪያ ሚስት፣ ከዚያ አዋቂ ልጆች፣ ከዚያ በኋላ ነው ወላጅ የሚመጣው። ሚስት ከሌለችው ልጆቹ ካልፈረሙ የቀብር ድርጅቱ ሬሳውን ንክች አያደርግም። መቶ ሺህ ብታዋጡ ያው ነው።

ሰብለ ከሪያድ፦ እናንተስ ታድላችሁ። የእህቴ ልጅ እዚህ ሰው ቤት ስትሠራ አርፋ ወራት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆየች። አሠሪዋ ካልፈረመ፣ ፖሊስ ካልጻፈ አትወጣም አሉን። እኛም ካለን ላይ አዋጣን። ለካ በኮንትራቷ ላይ አስከሬኗን የመላክ ወጪ የአሠሪው ነበር! ኮንትራቱን እንኳ ያየ ሰው አልነበረም።

የእድሩ ጸሐፊ፦ ሰብለዬ እግዜር ያጽናሽ። የእኛ ግን አሠሪ የሚባል የለውም፣ ታክሲ ነበር የሚነዳው። ፊውነራል ቤት የሠራኸው፣ ልጆቹ ተስማሙ እንበልና ስንት ቀን ይፈጃል?

ፊውነራል ቤት የሠራሁ፦ ሆስፒታል ስላረፈ ይቀላል። ቤቱ ውስጥ በድንገት ቢሆን መርማሪ ሐኪም ጋ ሄዶ ይዘገይ ነበር። ሐኪሙ ዓርብ ከፈረመ የሞት የምስክር ወረቀቱ ይወጣል። ሬሳው እንዳይበላሽ በመድኃኒት ይዘጋጃል፣ ለዚያም ማረጋገጫ ወረቀት ይጻፋል፣ ተላላፊ በሽታ እንደሌለበት ደብዳቤ ይያያዛል። ይሄን ሁሉ ከፓስፖርቱ ጋር ይዞ ወደ ኤምባሲው ነው፣ ግን ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ሰኞ ወይ ማክሰኞ ካለቀ ረቡዕ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይነሳል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቤተሰብ ሳጥኑን ጭኖ ካርጎ ቢሄድ አይቀበሉትም፣ የተመዘገበ ላኪ ድርጅት ነው ማስረከብ ያለበት። ቦሌ ካርጎ የሚረከበው ዘመድ ደግሞ መታወቂያውንና የወረቀቶቹን ኮፒ ይዞ ይጠብቅ። ስሙ በፓስፖርቱ ሌላ፣ በሞት ወረቀቱ ሌላ ከሆነ እዚያ ነው የሚያንገላታው። የአያት ስም የተዘለለበት አሜሪካዊ ፓስፖርት ስንቱን ቤተሰብ ጉድ ሠርቷል።

አቡ ሐናን፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የእኛ ሰው ቢሆን እስካሁን ተቀብሯል። ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት እዚሁ ነው። ቤተሰብ አገር ቤት ሰደቃ ያወጣል። ብዙ ዑለማዎች ጀናዛ ማዘግየቱን አይወዱትም። የእናንተን ባላውቅም እናትየውን በዚያ መንገድ ማጽናናት አይቻልም ወይ?

ወለተ ማርያም፦ የእኛ እናት ደረት የምትመታው ሬሳ ላይ ነው አቡ ሐናን። ሬሳ ከሌለ ፎቶውንና ልብሱን ዘርግተው ያለቅሳሉ። ግን አሁንም ይመጣል ብላ በር በሩን የምታይ እናት አውቃለሁ።

የሸዋ ልጅ፦ እኮ! ግን እዚህ ፍትሐት ከተደረገ እዚያ መድገም አይቻልም አይደል?

ወለተ ማርያም፦ ማን ነገረህ? እዚህ ቤተ ክርስቲያን ይፈታል፣ ደሴም ካህናቱ ጸልየው ያሳርፉታል። አርባው ግን ካረፈበት ቀን ነው የሚቆጠረው፣ ከተቀበረበት አይደለም። ሬሳው ከዘገየ ድንኳኑ፣ ሰልስቱና አርባው ይደራረባሉ። የዚያን ወጪ ማንም አላነሳም።

እዚሁ የተወለድኩ፦ ሰው ሁሉ ስለ እናቱ ያወራል። አባቴ እንዲህ ተዋጥቶለት ጎንደር ተላከ። እኔና ወንድሜ መቃብሩን አይተነው አናውቅም፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ጦርነት ሲሆን፣ ትኬት ሲወደድ። ልጆቹ የሚሄዱበት መቃብር ቢፈልጉ ነውር ነው እንዴ? እዚሁ ይቀበር፣ ለመላኪያ የሚዋጣው ለእናቱ ይላክ፣ ተዝካሩን ደሴ ያውጡ።

የሸዋ ልጅ፦ እናት በብር ትደለል ነው የምትይው?

እዚሁ የተወለድኩ፦ አላልኩም። ልጆቹን ጠይቋቸው ነው ያልኩት።

ፊውነራል ቤት የሠራሁ፦ ከላካችሁት ለእናትየው አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ሳጥኑ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ይከፈትልኝ ይላሉ፣ ቀናት ካለፉት በኋላ ደግሞ መክፈቱን እኔ አልመክርም። እዚህ ፍትሐቱ ላይ ሳጥኑ ሳይታሸግ ፊቱን ፎቶ አንሱላቸው።

የእድሩ ጸሐፊ፦ ትልቋ ልጁን አሁን አገኘኋት። ወንድሟ ነገ ከቴክሳስ ይገባል፣ ከአያታችን ጋር በስልክ ሳንነጋገር አንፈርምም አለች። መዋጮውን እስከዚያ አልከፍተውም። ፓስፖርቱ የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቤቱ ውስጥ አላገኙትም።