«ውስተ ቤት» እና «ቤት ውስጥ»፦ ቃሉ ለምን ወደ ኋላ ሄደ?

ፊደል ለቃሚ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ግእዙ «ውስተ ቤት» ይላል፣ እኛ «ቤት ውስጥ»። ግእዙ «ቅድመ ንጉሥ» ይላል፣ እኛ «ንጉሡ ፊት»። «በ» ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ያኔም «በቤት» ነበር፣ ዛሬም «በቤት» ነው። አንዱ ዞሮ ሌላው ለምን ቀረ?

የመርካቶው
ትክክሉ «በቤት ውስጥ» ነው። «ቤት ውስጥ» በንግግር የመጣ ማሳጠር ነው። ጽሑፍ ላይ «በ» መውደቅ የለበትም።

ፊደል ለቃሚ
ወንድሜ፣ እኔ የጠየቅሁት የትኛው ትክክል እንደሆነ አይደለም። «በ» ቢኖርም ባይኖርም «ውስጥ» ከቤት በኋላ ነው የሚመጣው። እሱ ነው የገረመኝ።

ግሥ አፍቃሪ
ይሄ የታወቀ ሕግ ነው። ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 ባሳተመው ጥናት 30 ቋንቋዎችን አነጻጽሮ 45 ሕጎች አውጥቷል። አራተኛው፣ ግሥን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ እንደ «ውስጥ» ያለውን ቃል ከስም በኋላ ያስቀምጣል ይላል። ጃፓንኛም ቱርክኛም እንደዚሁ ናቸው። ግእዝ ግሡን ብዙ ጊዜ ያስቀድማል። አማርኛ ግሡን ወደ ኋላ ሲወስድ «ውስጥ»ም ተከትሎ ሄደ። አለቀ።

የድሮ መምህር
አላለቀም፣ ልጄ። ግሪንበርግ «ሁልጊዜ» አላለም። ያለው በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው እጅግ በላቀ ብዛት ነው። ጥንቃቄ ያደረገበት ምክንያት ነበረው። በጥናቱ መጨረሻ ባለው ዝርዝር ውስጥ አማርኛና ፋርስኛ ከሕጉ የወጡ ሆነው ተጠቅሰዋል።

ቁጥሩን ለማየት የማቲው ድራየርን ቆጠራ ውሰዱ። ተሳቢን ከግሥ በፊት የሚያስቀምጡና መስተዋድዳቸው፣ ማለትም እንደ «በ» ወይም «ውስጥ» ያለው ቃላቸው፣ ከስም በኋላ የሚመጣ 472 ቋንቋዎች አሉ። ተሳቢን አስቀድመው መስተዋድዱንም የሚያስቀድሙት 14 ብቻ ናቸው። በሁለቱም ሳጥን የማይገቡ ድብልቆችም አሉ። ሕጉ ብርቱ ነው፣ ግን ቀዳዳ አለው።

አስመሪና
እኔ ትግርኛ ተናጋሪ ነኝ። እኛም ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የምናስቀምጠው። ግን «ኣብ ውሽጢ ገዛ» ነው የምንለው። ውሽጢ ከገዛ በፊት! «ልዕሊ ጣውላ»፣ «ትሕቲ ዓራት»። ግሥ ወደ ኋላ መሄዱ ብቻ ቢበቃ ኖሮ የእኛም ውሽጢ ይዞር ነበር።

ግሥ አፍቃሪ
እ… እሱን አላሰብኩትም። እውነትሽን ነው።

የድሮ መምህር
አስመሪና ዋናውን ነገር አመጣሽው። እስቲ አንድ ልጠይቅሽ። «የወንድሜ ቤት»ን በትግርኛ እንዴት ትይዋለሽ?

አስመሪና
«ገዛ ሓወይ»። «ናይ ሓወይ ገዛ»ም ይባላል፣ ግን የመጀመሪያው አፌ ላይ ቅርብ ነው።

የድሮ መምህር
በቃ፣ እዚያ ላይ ነው ያለው። «ውስጥ»፣ «ፊት»፣ «ሥር»፣ «ጎን»፣ «ጀርባ» ከመነሻቸው ስሞች ናቸው። «ዛፉ ሥር» የዛፉ ሥር ነበር፣ እንደ እግር ያለ የዛፉ አካል። ስለዚህ ቦታቸውን የሚወስነው ባለቤትና ንብረት የሚሰለፉበት ቅደም ተከተል ነው። አማርኛ «የወንድሜ ቤት» ብሎ ባለቤቱን ያስቀድማል። ስለዚህ «የቤት ውስጥ»፣ ከዚያ «ቤት ውስጥ»። ትግርኛ «ገዛ ሓወይ» ይላል። ስለዚህ «ውሽጢ ገዛ»። ግእዝም «ቤተ ንጉሥ» ይላል፣ ስለዚህ «ውስተ ቤት»።

ፋርስኛም እንዲሁ ነው። ግሡ መጨረሻ ነው፣ ባለቤቱ ግን ከንብረቱ በኋላ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ ለማለት «ሩዬ ሚዝ» ይላሉ። «ሩ» ፊት ነው፣ «ሚዝ» ጠረጴዛ። ቃል በቃል የጠረጴዛ ፊት ማለት ነው። እኛም እነሱም «ፊት»ን መስተዋድድ አደረግነው፣ እነሱ ከፊት እኛ ከኋላ።

ፊደል ለቃሚ
መምህር፣ እንግዲያው «በቤት ውስጥ» በ + የቤት ውስጥ ነው ማለት ነው? «የ» የት ገባች?

የድሮ መምህር
«በ» ስትመጣ «የ» ትወድቃለች። «የአበበ ቤት» በሉ። አሁን «በ» ጨምሩበት። «በየአበበ ቤት» አይባልም፣ «በአበበ ቤት» ነው። በገላጭ ሐረግም ያው ነው። «ትናንት የገዛሁት መኪና» «ትናንት በገዛሁት መኪና» ይሆናል። ልብ በሉ፣ «በ» እዚህ የሐረጉ መጀመሪያ ላይ እንኳ አልቆመችም። «ትናንት»ን ዘልላ «የ» የነበረችበት ቦታ ላይ ገባች። ስለዚህ አማርኛን «መስተዋድዱን የሚያስቀድም ቋንቋ» ብሎ በአንድ ሳጥን መክተት ያስቸግራል።

የመርካቶው
ግን «ፊት» እኮ ዛሬም ፊት ነው፣ የሰው ፊት። መቼ ስም እንደሆነ መቼ መስተዋድድ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

የድሮ መምህር
ጥሩ ጥያቄ ነው። መካከሉ ቅጽል አስገባ። «በአበበ ፊት ተናገረ» ማለት አበበ እያየ ማለት ነው። «በአበበ ቆንጆ ፊት ተናገረ» ካልክ ትርጉሙ ፈረሰ። ቅጽል ሲገባ ፊቱ እንደገና የሥጋ ፊት ይሆናል። «በዛፉ ወፍራም ሥር» ስትልም ከጥላው ወጥተህ መሬት ውስጥ ገባህ። ሁለተኛው መፈተኛ «በ»ን መጣል ነው። «አበበ ፊት ተናገረ» ይባላል፣ ግን «አበበ ቤት ተናገረ» ብትል ጆሮ ይቆረቁራል።

እናት በሜሪላንድ
ይቅርታ፣ ከርእሱ ብወጣም ይሄ የቤቴ ጉዳይ ነው። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደችው። «በቤት»፣ «ለማሚ»፣ «ከትምህርት ቤት» ስትል አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ግን «ውስጥ ሳጥን» እና «ላይ አልጋ» ትለኛለች። እንግሊዝኛው ነው ብዬ ነበር። አሁን ስታወሩ ሳይ ግን ገባኝ። «በ» በሁለቱም ቋንቋዋ ከፊት ናት፣ «ውስጥ» ግን በአንዱ ከፊት በአንዱ ከኋላ ነው።

ፊደል ለቃሚ
እህቴ፣ ከርእሱ አልወጣሽም። እንዲያውም ልጅሽ «ውስተ ሳጥን» እያለች ነው፣ በግእዙ ሥርዓት።

ቦሩ
እኔ ግን የመምህሩ ሐሳብ አልተዋጠልኝም። ኦሮምኛ ግሡን መጨረሻ ያደርጋል፣ ባለቤቱን ግን ከንብረቱ በኋላ ነው የሚያስቀምጠው። የቶላ ቤት «መነ ቶላ» ነው፣ ቤት መጀመሪያ። በእርስዎ ሕግ «ውስጥ» ከቤት በፊት መምጣት ነበረበት። እኛ ግን «መነ ኬሰ» እንላለን። «ኬሰ» ውስጥ ነው፣ ከኋላ።

ግሥ አፍቃሪ
እንግዲህ የእኔ ሕግ እዚህ ሠራ! ግሡ ወደ ኋላ ጎተተው።

ቦሩ
እሱም ሙሉ አይደለም። «ወደ ቤት» ስንል «ገረ መና» ነው። «ገረ» አቅጣጫ ወይም ወገን ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ከፊት ነው። በአንድ ቋንቋ ሁለቱም አለ።

የድሮ መምህር
ልክ ነህ ቦሩ። «ገረ መና» በእኔ መንገድ ይገባል፣ «መነ ኬሰ» አይገባም። ምናልባት «ኬሰ» የቆየ ነው፣ ባለቤቱ ከፊት ይመጣ ከነበረ ዘመን የቀረ። ግን ይሄ ግምቴ ነው። ማስረጃ የለኝም።

አስመሪና
እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ብዙዎች የአማርኛ ግሥ ወደ ኋላ የሄደው በአገው ቋንቋዎች ተጽዕኖ ነው ይላሉ። ትግርኛም ከአገው ጋር ነው የኖረው። ታዲያ አማርኛ ባለቤቱንም ወደ ፊት ሲያመጣ ትግርኛ «ገዛ ሓወይ»ን ለምን ይዞ ቀረ?

ፊደል ለቃሚ
እኔ ደግሞ ከትናንት ወዲህ ስንት ጊዜ «በ»ን እንደምጥል እየቆጠርኩ ነው። «ቤት ውስጥ ነኝ»፣ «ወንበሩ ላይ አስቀምጠው»፣ «እኔ ጋ ና»፣ ሁሉም ያለ ምንም ቅጥያ ይሄዳል። «ከ»ን ግን መጣል አልቻልኩም። «ከቤት ውስጥ ወጣ» በሚለው ላይ «ቤት ውስጥ ወጣ» ብል እናቴ «ምን አልክ?» ትለኛለች።